‹ይሄ ሰው ለኔ ምኔ ነው?›፦ የዝምድና እንቆቅልሽን በደረጃ ስለ መሳል

(ቅዳሜ ማምሻውን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ለፈተና ለሚዘጋጁ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ቅዳሜ ማምሻውን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማችኋል? ጎሽ። ሰሌዳውስ ይታያችኋል? የማይታየው ካለ ወደፊት ጠጋ ይበል። ዛሬ ከምናገረው የምስለው ይበዛል።

የማወራችሁ ስለ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ነው። «ሀ የለ ወንድም ነው፤ ለ የሐ እናት ናት፤ ሐ ለሀ ምኑ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል አፕቲትዩድ ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል። ባንክ ለመቀጠር የተፈተነም ያውቀዋል። ይህቺ አጭሯ ናት፤ በጭንቅላት ትሠራለች። ሐ የሀ የእህት ልጅ ነው፣ አለቀ። ግን ሰዎቹ ስድስት ሲሆኑስ? መካከላቸው ሁለት ባልና ሚስት ሲገቡስ? ስሙ የወንድ ይሁን የሴት የማይታወቅ ሰው ሲጨመርስ? ያኔ ጭንቅላት ብቻውን አይችልም። ሦስተኛውን ሰው ስትይዙ የመጀመሪያው ያመልጣል። ተመልሳችሁ ታነባላችሁ፣ እንደገና ያመልጣል። ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅም።

መፍትሔው ወረቀት ነው። ትንሽ የቤተሰብ ሥዕል፣ ከጥያቄው ወረቀት ጥግ ላይ፣ በየደረጃው የተሳለች። ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት፦ ስለ ደረጃ፣ ስለ ፆታ፣ ከዚያ ደግሞ ‹ብቸኛ› ስለምትባል ቃል። ብዙ ጊዜ የምንቆየው መካከለኛው ላይ ነው።

እሺ፣ ከደረጃ እንጀምር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል የሰርግ ሽምግልና ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ አለ? እጃችሁን አውጡ። አዎ፣ አባቶች፣ አየኋችሁ። እኔ በልጅነቴ አያቴ ቤት አንድ ሽምግልና አይቻለሁ። ሁለቱ ልጆች ሊጋቡ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አያቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየነኩ፣ «ይቺ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ» እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ከወዲያ በኩል የተቀመጡት ሽማግሌም እንደዚያው ወደ ላይ ወጡ። የሚፈልጉት ሁለቱ መንገዶች አንድ ሰው ላይ ይገናኙ እንደሆነ ነው። አያችሁ? አንድ ቤት ማለት አንድ ደረጃ ነው። እዚሁ ድሬ ደግሞ ሶማሌ ጎረቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ትንሹ ልጅ የአባቶቹን ስም ወደ ኋላ ይቆጥርላችኋል፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ። ያም ደረጃ ነው። ስለዚህ ደረጃ መቁጠር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ ቤታችን ያለ ነው። የሚቀረን ወረቀት ላይ ማውረዱ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ስለሱ የተጠየቃችሁትን ሰው፣ ወይም ‹እኔ› የሚለውን ሰው፣ ዜሮ ላይ አስቀምጡት። ወላጆቹ አንድ ከፍ ይላሉ፤ +1 በሉት። አያቶቹ +2 ናቸው። ልጆቹ −1፣ የልጅ ልጆቹ −2። ይህ ቀላል ነው። አሁን ትኩረት፦ አጎትና አክስት የት ናቸው? +1 ላይ፣ ከአባትና ከእናት ጎን ናቸው። የአጎት ልጅስ? ዜሮ ላይ፣ ከእኔው ጎን ነው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ ዋርሳ፣ ሁሉም ከዜሮ አይወጡም። ምራት −1 ናት፤ የልጅ ሚስት ናታ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። አማት እና አማች። በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፤ በሥዕሉ ላይ ግን በመካከላቸው ሁለት ደረጃ አለ። አማት የባል ወይም የሚስት ወላጅ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቦታው +1 ነው። አማች የልጅ ባል ነው፣ ስለዚህ −1 ነው። በወሬ መካከል ‹አማቾቼ መጡ› ስንል መላውን ቤተሰብ ልንጠራ እንችላለን። እንቆቅልሽ ውስጥ ግን አማች የልጅ ባል ብቻ ነው። ጥያቄውን በጥድፊያ ያነበበ ሰው አንዱን በአንዱ ቦታ ያስቀምጥና ሥዕሉ በሙሉ ይገለበጥበታል።

ደረጃው ለምን ይጠቅማል? ሳትስሉ እንኳ መልስ ይጥልላችኋል። «የአባቴ እናት የልጅ ልጅ» ቢል፣ ደምሩት፦ አባት +1፣ የሱ እናት ሌላ +1፣ የልጅ ልጅ −2። ድምሩ ዜሮ። ስለዚህ ያ ሰው እኔ ራሴ፣ ወይ ወንድሜ፣ ወይ እህቴ፣ ወይ የአጎቴ ወይ የአክስቴ ልጅ ነው። ከምርጫዎቹ መካከል ‹አጎት› ካለ ሰርዙት። ‹የወንድም ልጅ› ካለ ሰርዙት። ገና አንድ መስመር ሳታሰምሩ ከአራት ምርጫ ሁለቱ ወድቀዋል።

ግን ደረጃ ዕድሜ አይደለም! ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ደረጃ ዕድሜ አይደለም። እኔ በዕድሜ የሚያንሰኝ አጎት አለኝ። የእናቴ የመጨረሻ ወንድም ነው። አንድ ክፍል ነበር የተማርነው። እረፍት ላይ ኳስ ስንጫወት ‹አጎቴ፣ አቀብለኝ› እለው ነበር፤ ጓደኞቻችን ‹አቦ፣ ይሄ ደግሞ የምን አጎት ነው!› ይላሉ። ግን አጎቴ ነው። በሥዕል ብናስቀምጠው +1 ላይ፣ ከእናቴ ጎን ነው የሚቀመጠው። እንቆቅልሽ ላይ «ሀ ከለ በዕድሜ ይበልጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣ፣ በሱ ብቻ ሀን ወደ ላይ አታውጡት። የዝምድና ቃል ብቻ ነው ደረጃ የሚሰጠው።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚወድቅበት።

መጀመሪያ ምልክት እንስማማ። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። ፆታው ያልታወቀ የጥያቄ ምልክት ይደረግበታል። ባዮሎጂ የተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የዘር በሽታ የሚከታተሉ ሐኪሞችም ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ነው የሚስሉት። ለባልና ሚስት ጎን ለጎን የእኩል ምልክት አደርጋለሁ። የሐኪሞቹን ሥዕል የምታውቁ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ድርብ መስመር ዘመዳሞች የተጋቡበት ትዳር ማለት ነው። የኛ ግን ትዳር ማለት ብቻ ነው። ለወንድማማችና ለእህትማማች አንድ ነጠላ መስመር። ለወላጅና ለልጅ ወደ ታች የሚወርድ መስመር። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምልክት አያስፈልገንም።

አሁን እንቆቅልሹን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ቅዱት።

በአንድ ቤት ስድስት ሰዎች ይኖራሉ፦ ደስታ፣ ግርማ፣ ሄለን፣ ታሪኩ፣ ዮናስ እና ምህረት። ከነሱ መካከል ሁለት ባልና ሚስቶች አሉ። ደስታ የምህረት አያት ናቸው። ሄለን የደስታ ምራት ናት። ሄለን ምህረትን ወልዳለች። ግርማ የዮናስ አባት ናቸው። ዮናስና ታሪኩ ወንድማማቾች ናቸው። ዮናስ አላገባም።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ደስታ ወንድ ናቸው ወይስ ሴት? ሄለን ለዮናስ ምኑ ናት? ቤቱ ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ?

ቅድም አንዲት እህት ገና ጽፌ ሳልጨርስ ‹ደስታ ሴት ናት› ስትል ሰማኋት። እህቴ፣ ለምን? ‹የጎረቤቴ ስም ነው› አለችኝ። አያችሁ! እኔ ደግሞ ደስታ የሚባል ወንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ደስታ፣ ምህረት፣ እነዚህ ስሞች ለወንድም ለሴትም ይወጣሉ። ስም አትመኑ። በፈተና ላይ ስም ማስረጃ አይሆንም። ከውጭ ቋንቋ በመጡ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የማናውቀው አገር ስም ወንድ ይሁን ሴት በምን እናውቃለን?

ታዲያ ምን እንመን? የዝምድናውን ቃል እና ግሱን። ‹አባት› ካለ ወንድ ነው። ‹ምራት› ካለ ሴት ናት። ‹ወንድማማቾች› ካለ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። አማርኛችን ደግሞ አንድ ስጦታ አለው፦ ‹ነው› ሲል ወንድ፣ ‹ናት› ሲል ሴት መሆኗን ይነግራችኋል። ግን ይቺን ‹ናቸው› ተመልከቷት። አክብሮት ስትሆን ፆታ ትደብቃለች። «ደስታ የምህረት አያት ናቸው»፤ ወንድ ወይስ ሴት? አይታወቅም። «ሄለን ምህረትን ወልዳለች»፤ ምህረት ወንድ ወይስ ሴት? ይሄም አይታወቅም። ‹ወልዳዋለች› ቢል ወይም ‹ወልዳታለች› ቢል እናውቅ ነበር። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ሆን ብሎ ነው የሸሸው። ልጅ፣ አያት፣ አማት፣ ዋርሳ የሚሉት ቃላትም ፆታ አይናገሩም። እነዚህን ስታዩ ወዲያውኑ የጥያቄ ምልክት አድርጉና እለፉ። ምልክቱን የምታነሱት ሌላ ዓረፍተ ነገር ሲያስገድዳችሁ ብቻ ነው።

እንሥራው።

ደስታ የምህረት አያት ናቸው። ምህረትን ዜሮ ላይ፣ ደስታን +2 ላይ። ሁለቱም ላይ የጥያቄ ምልክት። ቀጥሎ፣ ሄለን የደስታ ምራት ናት፣ ምህረትንም ወልዳለች። ስለዚህ ሄለን ክብ ሆና +1 ላይ ትቀመጣለች፣ ከሷ ወደ ምህረት መስመር ይወርዳል። ምራት ከሆነች ባሏ የደስታ ልጅ ነው። ማን እንደሆነ ገና አናውቅም፤ ባዶ አራት ማዕዘን ከሄለን ጎን ሳሉና ወደ ደስታ በመስመር አገናኙት።

ይህ ባዶ አራት ማዕዘን ነው የጥያቄው ልብ። ማን ይግባበት? ከቀሩት መካከል ግርማ፣ ታሪኩ፣ ዮናስ አሉ። ዮናስ አላገባም፤ ወጣ። የቀሩት ግርማና ታሪኩ ናቸው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ‹ታሪኩ ነው› ብሎ ያልፋል። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን በምን አወቅህ? ግርማንስ ሞከርከው? በማስረጃ ነው የሚጣለው። እስቲ ግርማን እናስገባው። ግርማ የሄለን ባል፣ የደስታ ልጅ ይሁኑ። +1 ላይ ተቀመጡ። ዮናስና ታሪኩ የግርማ ልጆች ስለሆኑ ዜሮ ላይ ይወርዳሉ፣ ከምህረት ጎን። እስካሁን ምንም አልተበላሸም፤ ሥዕሉ የሚያምር ይመስላል። አሁን ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አስታውሱ፦ ሁለት ባልና ሚስቶች አሉ። አንደኛው ሄለንና ግርማ ሆኑ። ሁለተኛውስ? የቀሩት ደስታ፣ ታሪኩ፣ ምህረት ናቸው፤ ዮናስ አላገባም ተብሏል። ደስታ የልጅ ልጃቸውን አያገቡም። ታሪኩና ምህረት የአንድ ቤት ወንድምና እህት ሆነዋል፤ እነሱም አይጋቡም። ሁለተኛ ጥንድ የለም! ሥዕሉ ተሰበረ። ግርማ ከዚያ ቦታ ይውጡ።

እንግዲህ ባዶው አራት ማዕዘን የታሪኩ ነው። ታሪኩ +1 ላይ፤ ወንድሙ ዮናስም ከጎኑ። ግርማ አባታቸው ስለሆኑ +2 ላይ ይወጣሉ። ሁለተኛውን ጥንድ እንፈልግ፦ የቀሩት ግርማ፣ ደስታ፣ ምህረት ናቸው። ምህረት የልጅ ልጅ ነው ወይም ናት፤ አያገባቸውም። ስለዚህ ግርማና ደስታ ባልና ሚስት ናቸው። ግርማ ‹አባት› ተብለዋል፣ ወንድ ናቸው። ስለዚህ ደስታ ሴት ናቸው። አሁን የጥያቄ ምልክቱን ከደስታ ላይ አንሱትና ክብ አድርጉት። ቅድም ‹ሴት ናት› ያልሽው እህቴ፣ መልስሽ ትክክል ነበር፤ አሁን ደግሞ ምክንያት አለሽ።

ሥዕሉ ይህን ይመስላል፦

+2፦ ግርማ (ወንድ) = ደስታ (ሴት)
+1፦ ሄለን (ሴት) = ታሪኩ (ወንድ) — ዮናስ (ወንድ)
0፦ ምህረት (?)

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሄለን ለዮናስ ምኑ ናት? ሥዕሉን ማየት ነው፤ የወንድሙ ሚስት። ደረጃቸው አንድ ነው፤ በደም አይገናኙም፣ በትዳር ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ደረጃ ብቻውን ደምና ትዳርን አይለይላችሁም። እህቱም የወንድሙ ሚስትም እዚያው ደረጃ ላይ ናቸው። የሚለየው መስመሩ ነው፦ ነጠላው መስመር ወይስ የእኩል ምልክቱ?

ደግሞ የጥያቄውን አቅጣጫ ተመልከቱ። ‹ዮናስ ለምህረት ምኑ ነው› ቢባል መልሱ አጎት ነው። ‹ምህረት ለዮናስ› ቢባል የወንድም ልጅ። ሥዕሉ ያው አንድ ነው፣ መልሱ ግን ሁለት። ምርጫዎቹ ላይ ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ለዚህ ነው በትክክል ስሎ የተሳሳተ ተማሪ የምናየው። እኔ ተማሪዎቼን ስለሱ የተጠየቀውን ሰው ስም አስምሩበት እላቸዋለሁ። የተሰመረበት ሰው መልሱን ይቀበላል፤ አጎት የሚባለው እሱ ነው ወይስ ሌላው?

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ስንት ሴቶች አሉ? ደስታ፣ ሄለን፣ ሁለት። ምህረትስ? ሁለት የሚል አለ፣ ሦስት የሚል አለ። እስቲ እናጣራ፤ ስለ ምህረት ፆታ የተናገረ ዓረፍተ ነገር አለ? አያት አላት፣ ወይም አለው። እናት አላት፣ ወይም አለው። ሌላ ምንም የለም። የጥያቄ ምልክቱ እስከ መጨረሻው አልተነሳም። መልሱ ‹መወሰን አይቻልም› ነው። ብዙ ልጆች ይህን ምርጫ ሲያዩ ይፈሩታል፤ ያላወቀ ሰው የሚመርጠው ይመስላቸዋል። አይደለም። በሥዕሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ከቀረና ጥያቄው ስለዚያ ሰው ፆታ ከሆነ፣ ልክ የሆነው መልስ እሱ ነው። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ አትምረጡት።

አንድ ወላጅ ባለፈው ‹ልጄ ሁሉን ነገር ይሥላል፣ ግን ይሳሳታል› ብለውኝ ወረቀቱን አሳዩኝ። ሥዕሉ ንጹህ ነበር፣ እጁ ያምራል። ግን ሁሉም ሰው ወይ አራት ማዕዘን ወይ ክብ ነበር፤ አንድም የጥያቄ ምልክት አልነበረም። ያልተነገረውን በራሱ ሞልቶታል። ስለዚህ የልጃችሁን ወረቀት ስታዩ መልሱን ብቻ አትዩ። የጥያቄ ምልክት አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ።

ውሃ የጠማችሁ እየጠጣችሁ ተከተሉኝ። ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው።

ሰው በፎቶ ወይም በጣቱ እያሳየ የሚናገርበትን ጥያቄ ታውቃላችሁ። እንዲህ በሉ፤ ከፊራ ገበያ አጠገብ ሰርግ አለ እንበል። ሙና አንድ ጎረምሳ አሳይታ ለጓደኛዋ፣ «ያ ልጅ የእናቴ አባት ብቸኛ ወንድ ልጅ ልጅ ነው» አለቻት። ልጁ ለሙና ምኗ ነው?

ከሙና እንነሳ፤ ሙና ዜሮ። እናቷ +1። የእናቷ አባት +2። የሱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ወደ +1 ይወርዳል፤ የእናቷ ወንድም ነው፣ ማለትም አጎቷ። የሱ ልጅ ደግሞ ዜሮ። ስለዚህ ጎረምሳው የሙና የአጎት ልጅ ነው።

አሁን አንድ ቃል ልሰርዝ። ‹ወንድ› የሚለውን ብቻ ላጥፋው። «ያ ልጅ የእናቴ አባት ብቸኛ ልጅ ልጅ ነው።» አሁንስ? አያትየው አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። ያቺ ልጅ ማን ናት? የሙና እናት ራሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ትሆናለች! ስለዚህ ጎረምሳው የሙና እናት ልጅ ነው፤ የሙና ወንድም። አንድ ቃል ወጣች፣ የአጎት ልጅ ወንድም ሆነ። ደረጃው ግን ሁለቱም ጊዜ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ በደረጃ ብቻ ብትሄዱ ልዩነቱን አታዩትም። ‹ብቸኛ› የሚለውን ስታዩ ሥዕሉ ላይ አጠገቡ ትንሽ አንድ ቁጥር ጻፉ፦ በዚህ መስመር ላይ ሌላ ሰው የለም ማለት ነው። ‹ብቸኛ ልጅ› ከሆነ ሌላ ምንም ቅርንጫፍ አይወጣም። ‹ብቸኛ ወንድ ልጅ› ከሆነ ሌሎች ቅርንጫፎች ይችላሉ፤ የሴቶች ብቻ ናቸው እንጂ።

የዚህ ዓይነቱን ጥያቄ ስታነቡ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ። በአማርኛ ‹የእናቴ አባት ልጅ› ስንል ሰንሰለቱ ከተናጋሪዋ ይጀምራል፤ እንዳነበባችሁ ትስላላችሁ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ፈተናው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ‹የእኔ› የሚለው ብዙ ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቃል መሳል አትጀምሩ። ዓይናችሁን ወደ መጨረሻው ውሰዱ፣ ‹የእኔ› የሚለውን አግኙ፣ እሱን ዜሮ ላይ አስቀምጡና ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ እየተመለሳችሁ ሳሉ። አንዳንድ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን በጥሞና ሦስት ጊዜ ያነበዋል፤ ከመጨረሻው ጀምሮ አንድ ጊዜ ቢያነበው ይበቃው ነበር።

ከወዲያ ጥግ አንድ ወንድማችን እጁን አንስቷል፤ ጠይቅ ወንድሜ። «ባልና ሚስቱ ዘመዳሞች ቢሆኑስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በሕይወት የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ የሚጋቡበት ማህበረሰብ አለ፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥም ሁሉም እንደየባህሉና እንደየሃይማኖቱ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ለአንድ ሰው ሁለት ዝምድና ይኖረዋል፤ ለምሳሌ የአባትሽ ወንድም ሆኖ ባልሽን የወለደ ከሆነ፣ አጎትሽም አማትሽም ይሆናል። የፈተና እንቆቅልሽ ግን ይህን በግልጽ ካልተናገረ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ዘመድ አጋብታችሁ ሥዕሉን አታወሳስቡ። እንጀራ አባትና እንጀራ እናትም እንደዚያው ናቸው፤ ካልተጠቀሱ የሉም። ቅድም ዮናስና ታሪኩን ወንድማማቾች ሲል ሁለቱንም የግርማ ልጆች አድርገን የወሰድነው በዚሁ ስምምነት ነው።

«ሁሉንም ጥያቄ መሳል አለብኝ ወይ?» የሚል ወረቀትም ደርሶኛል። የለብህም። ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ በጭንቅላትህ ሥራው። አራተኛው ሰው ሲመጣ፣ ወይም ‹አያት› እና ‹ምራት› አብረው ሲመጡ ግን ሳል። ከእስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ያዝ፤ ቅድም ግርማን አስገብተን እንዳወጣነው ማጥፋት ይመጣል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሦስት ቀጫጭን አግድም መስመሮች አስምርና +1፣ 0፣ −1 ብለህ ጻፍባቸው፤ ‹አያት› ወይም ‹የልጅ ልጅ› ከመጣ አንድ ትጨምራለህ። ሰው እየዘለለ የሚሄደው መስመር ሳይኖር ሲሳል ነው።

ሰዓታችን እያለቀ ነው። ለቤት ሥራ አንድ ልስጣችሁ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ሠርታችሁት ኑ። ፈቲያ አብዲን እያሳየች፣ «የሱ እናት የእናቴ ብቸኛ ልጅ ናት» አለች። ፈቲያ ለአብዲ ምኑ ናት? ሳሉት። ‹ብቸኛ› አጠገብ አንድ ቁጥር መጻፍ አትርሱ። ጎረቤት ለጎረቤት መልስ አትነጋገሩ፤ የሳላችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ማየት የምፈልገው እሱን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት እንገናኝ።

አመሰግናለሁ፣ ደህና እደሩ።